ልጁ የት ቆሞ ነበር?

አጎቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ደሴ ፒያሳ፣ አንዲት ጠባብ በረንዳ ላይ፣ ከሲንጀራቸው ጋር አብረው አርጅተዋል። ሰው አዲስ ኮት ለብሶ ሰላም ሊላቸው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቱን አይደለም። የኮቱን ጫፍ ገልበጥ አድርገው ስፌቱን ያያሉ። "ውጪውንማ ማንም ያሳምረዋል" ይላሉ። እንደምን አደርክ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኚህ ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ነገር ደጋግመው ነግረውኛል። ነገሩ የሆነው በ1967 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት ዕለት ማታ ነው። መርካቶ ውስጥ አንድ ቡና ቤት በር ላይ ቆመው ቴሌቪዥን ያያሉ። ያኔ የ19 ዓመት ልጅ ናቸው። ከወሎ ወጥተው አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ እየተከሉ ይውላሉ። ቡና ቤቱ ሞልቶ ሰዉ ውጪ ድረስ ቆሟል። እና በዚያች ትንሽ መስኮት ውስጥ ንጉሡ ለውሻቸው ሥጋ ሲሰጡ፣ አጥንቱ የወጣ የወሎ ሕፃን ደግሞ ቆሞ ሲያያቸው አዩ።

"በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት" ይላሉ። "ልጁ ያያል። ውሻው ይበላል።"

የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ይህን የአጎቴን ታሪክ ለስንት ዓመት ለተማሪዎቼ እንደወረደ ነግሬያለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይልልኛል። አስተማሪ ደግሞ ጸጥታ ይወዳል። ልጁና ውሻው አንድም ቀን አንድ ቦታ ተገናኝተው እንደማያውቁ የገባኝ በጣም ዘግይቼ ነው።

ፊልሙ እንዲህ ነው የተሠራው። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎ መጥቶ ረሃቡን ቀረጸ። ሥራው በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የእኛ ሰው ማለቅ ከጀመረ ቆይቷል። ገበሬው ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ተሰልፎ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር። መንግሥት ግን ነገሩን አፍኖ ይዞታል። ይህን የምለው የኋላው ነገር እንዳያሳስተን ነው። ረሃቡ እውነት ነው። መደበቁም እውነት ነው።

ዓመት ሊሞላው ሲል ደርግ ያንኑ ፊልም አወጣና እንደገና አቀናበረው። ከረሃቡ ትዕይንት ቀጥሎ የቤተ መንግሥት ግብዣ አስገባ። እንደገና ረሃብ። እንደገና ግብዣ። ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ። እንደገና ረሃብ። ይህ የተቀናበረው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ሕዝቡ እንዲያየው አስቀድሞ ተነግሮት ነበር። ንጉሡ ራሳቸውም እንዲያዩት ተነግሯቸው ቁጭ ብለው አዩት ይባላል። በማግስቱ መስከረም 2 ከዙፋናቸው ወረዱ።

አሁን ጥያቄው ይሄ ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ውሸት የቱ ጋ ነው?

ክፍል ውስጥ ስጠይቅ ልጆቹ መጀመሪያ "ረሃቡ የተጋነነ ነው" ይላሉ። አይደለም፤ የተራበው ሰው እዚያው ወሎ የተቀረጸ ነው። "ግብዣው የተፈበረከ ነው" ይላሉ። እሱም አይደለም፤ ግብዣው ተደርጓል። ውሾቹም ነበሩ፣ ሥጋም በልተዋል። እያንዳንዷን ቁራጭ ነጥለህ ብትመረምራት አንዷም አትወድቅም። ፕሮፓጋንዳ ማለት ውሸት ማለት ነው ብሎ የተማረ ልጅ እዚህ ጋ ይቆማል። የሚይዘው ነገር ያጣል።

ነገሩ ያለው ቁራጮቹ ላይ ሳይሆን መጋጠሚያው ላይ ነው። ሁለት ሥዕል ሲከታተል ተመልካቹ መሐል ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሱ ያስገባል። "ሕፃኑ የሚራበው ውሻው ስለሚበላ ነው።" ይህን ዓረፍተ ነገር ፊልሙ አላለውም። ተራኪውም ማለት አያስፈልገውም። አጎቴ ናቸው ያሉት፣ በልባቸው፣ መርካቶ ቡና ቤት በር ላይ ቆመው። ሰው ደግሞ ከሌላ የሰማውን ይጠራጠራል እንጂ እሱ ራሱ የደረሰበትን አይጠራጠርም። ለዚህ ነው እንዲህ ያለው ሥራ ከተራ ውሸት የሚበልጠው። ተራ ውሸት ሲነግሩህ ትከራከራለህ። ይሄኛው ግን አንተኑ ተናጋሪ ያደርግሃል።

ይህን የሲኒማ ሰዎች ቀደም ብለው ነው የደረሱበት። ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል ሩሲያዊ የፊልም አስተማሪ የአንድ ተዋናይ ገጽታ ይወስዳል፤ ምንም ስሜት የማይታይበት ፊት ነው። ከፊቱ ቀጥሎ አንድ ጊዜ የሾርባ ሳህን፣ አንድ ጊዜ ሬሳ ሣጥን ውስጥ የተኛች ሕፃን፣ አንድ ጊዜ ቆንጆ ሴት ያስገባል። ተመልካቹም ተዋናዩ ምን ያህል እንደተራበ፣ እንዳዘነ፣ እንደከጀለ እያደነቀ ወጣ ይባላል። ፊቱ ግን ሦስቱም ጊዜ ያው ነው።

እኔ ይህን በወሬ አላምንም ብዬ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ክበብ ላይ ሞከርኩት። የራሴን ፊት በስልክ ቀረጽኩ፤ አራት ሰከንድ፣ ምንም ሳልል፣ ምንም ሳላስብ። (ባለቤቴ "ሁልጊዜም እንዲህ ነህ" ብላለች፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) ልጆቹን ሦስት ቦታ ከፈልኳቸው። ለአንዱ ቡድን ከፊቴ ቀጥሎ በወጥ የተሸፈነ እንጀራ፣ ለሌላው የወደቀ የፈተና ወረቀት፣ ለሦስተኛው የለቅሶ ድንኳን አሳየሁ። የመጀመሪያዎቹ "ቲቸር ርቦታል" አሉ። ሁለተኛዎቹ "ተናዷል፣ ግን ይዞታል" አሉ። ሦስተኛዎቹ ውስጥ አንዷ ልጅ "ዓይኑ ላይ እንባ አለ" ብላ ጻፈች። እንባ! ሦስቱን ቡድን አንድ ላይ አድርጌ ቪዲዮዎቹን ሳሳያቸው የሳቁት ሳቅ ግቢውን ረበሸው። ያቺ ልጅ ግን አልሳቀችም። ስልኩን ተቀብላኝ እንባውን ስትፈልግ ቆየች።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። መጋጠሚያው ተመልካቹን አናዶ ብቻ አይተውም፤ ምክንያት ይሰጠዋል። ምክንያቱ ደግሞ ሌላ ምክንያት እንዳይፈለግ በሩን ይዘጋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

አማርትያ ሴን የሚባለው ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ምሁር ስለ ድርቅና ረሃብ ባጠናው ጥናት ውስጥ ወሎን ለብቻ ወስዶ አይቷል። ያገኘው ነገር መጀመሪያ ሳነብ አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር። ረሃቡ በበረታበት ሰዓት የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከቀደመው ጊዜ ብዙም አልዘለለም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል ነበር። ሰው እያለቀ እህል ይወጣል! ሴን ይህን የሚያስረዳው እንዲህ ነው። የገበሬው ማሳ ሲደርቅ የጠፋው የሚበላው ብቻ አይደለም፤ የሚገዛበትም አብሮ ጠፋ። ከብቱን ልሽጥ ቢል ሁሉም ሻጭ ሆኗል፤ ከብቱም ከስቷል፤ ዋጋው ወድቋል። የቀን ሠራተኛው የሚቀጥረው አጣ። አፋሩ ደግሞ ድርቁ ሳይመጣ በፊት ምርጥ የግጦሽ መሬቱን አዋሽ ዳር ላሉ የንግድ እርሻዎች ተነጥቋል። የሚገዛ በሌለበት ገበያ ዋጋ አይወጣም። ነጋዴም እህሉን ገንዘብ ወዳለበት ይወስዳል።

ይህን በፊልም እንዴት ታሳየዋለህ? የከሲታ በሬ ዋጋ መውደቅ ምን ዓይነት ሥዕል አለው? ውሻና ሥጋ ግን ሥዕል አላቸው። በሁለት ሰከንድ ያልቃል። ንጉሡን ለማዳን አይደለም ይህን የማወራው፤ ረሃቡን ደብቆ ዕርዳታ ያዘገየ መንግሥት ተጠያቂ ነው። ነገር ግን "ለምን ተራብን?" ለሚለው ጥያቄ ፊልሙ የሰጠው መልስ አንድ ቤትና አንድ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌው በማግስቱ ከዚያ ቤት ወጡ። በሬውም፣ ገበያውም፣ መንገዱም፣ ግጦሹም እንዳለ ቀረ።

የፊልሙ ተመልካች ማን እንደነበረም አስቡ። ያን ጊዜ ቴሌቪዥን የከተማ ዕቃ ነው፤ በተለይ የአዲስ አበባ። ራያና ላስታ ያለው ገበሬ ስለ ራሱ የተሠራውን ፊልም አላየም። ተሰብስቦ የተቆጣው የጠገበው ሰው ነው፤ ሥዕሉ ላይ ያለው የተራበው።

ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ሆነ? መስከረም 2 ቀን 1977 ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅ ተጥለቀለቀች፤ ሰልፍ፣ ሐውልት፣ እንግዳ፣ ግብዣ። ያን ሰሞን የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከለከሉ። ምክንያቱም እዚያ፣ ያን ጊዜ የወሎ ክፍለ ሀገር በነበረው ቆረም ሜዳ ላይ፣ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ማይክል ቡርክና ካሜራ ያዡ መሐመድ አሚን የቀረጹት ቢቢሲ ላይ የታየው ጥቅምት 13 ነው፤ ድግሱ ካለቀ በኋላ። የ1967ቱን ፊልም ያቀናበረው መንግሥት ያንኑ ፊልም በገዛ እጁ እንደገና ሠራው። የጎደለው መቀስ የሚይዝ ሰው ብቻ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ጥሩ ነው። ግን ቆረም ላይ የተኙት ስንቶቹ አደሩ?

ይህን ሁሉ በቅርቡ ያነሳብኝ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሚኒ ሚዲያ ላይ ዜና ታነባለች። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ስልኳን ይዛ መጣች። "ቲቸር፣ ይሄን ነገ ልናቀርበው ነው። እስቲ እዩት።" የ41 ሰከንድ ቪዲዮ ነው። መጀመሪያ ጆንያ የጫኑ ሦስት ከባድ መኪኖች ይታያሉ። ቀጥሎ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ። መጨረሻ ላይ ሙሉ ልብስ የለበሱ ወንዶች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይበላሉ። ከሥር በማሲንቆ ትዝታ ይሄዳል። ጽሑፉ "እህላችን እየወጣ፣ እናቶቻችን እያለቀሱ፣ እነሱ እየበሉ" ይላል።

እኔ ቀና ብዬ አየኋት። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ፊልም ነው፤ አጥሮ መጥቶ መዳፏ ላይ ተቀምጧል። ሠሪው ያንን ያየ አይመስለኝም። ማየትም አያስፈልገውም፤ ዘዴው ራሱ ይገኛል።

በማግስቱ ከማቅረብ ይልቅ ክበቡ ውስጥ ፈታነው። መጀመሪያ ድምፁን አጠፋነውና ደግመን አየነው። ትዝታው ሲጠፋ ግማሹ ሐዘን አብሮ ጠፋ። "ደግሞ ምንም አይመስልም እኮ" አለ አንዱ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ አሰፈርን፤ ደንቡ የሚታየውን ብቻ መጻፍ ነው። ይሄ ቀላል ይመስላል፤ ከሁሉም የከበዳቸው ግን እሱ ነው። ስለ መኪኖቹ መጀመሪያ የጻፉት "ከወሎ እህል ጭነው ሲወጡ" የሚል ነው። እህሉ ታያችሁ? አልታየንም። ጆንያ ነው። ማዳበሪያም በጆንያ ነው፣ ሲሚንቶም በከረጢት ነው። "ሲወጡ"ስ? መኪናው ቁልቁለት ይወርዳል፤ ይኸው ነው። አጥፍተው "ጆንያ የጫኑ ሦስት መኪኖች ቁልቁለት ሲወርዱ" ብለው ጻፉ። ጽሑፉ ላይ ካለው ከግማሽ በላይ ሥዕሉ ላይ የለም።

ቀጥሎ ፍለጋ ገባን። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ፊትና ዕቃ በደንብ የሚታይበትን ቅጽበት በስክሪንሾት ያዝን። ጽሑፉንና የአካውንቱን ስም ቆርጠን አወጣን፤ አለዚያ በሥዕል የሚፈልገው ጉግል ሌንስ ሥዕሉን ትቶ ጽሑፉን ይፈልጋል። ሲፈለግ ዋናው ነገር የሚመሳሰለውን ማግኘት ብቻ ሳይሆን ከሁሉም የቀደመውን ማግኘት ነው። እናትዬዋን አገኘናቸው። ሁለት ዓመት የቀደመ ረጅም ቃለ መጠይቅ ነው። የሚያለቅሱት በባሕር ወደ ዓረብ አገር ሄዶ ድምፁ ስለጠፋ ልጃቸው ነው። ድምፃቸው ተቆርጦ ማሲንቆ የገባው ለዚህ ነበር፤ ቢናገሩ ነገሩ ይበላሻል። ክፍሉ ውስጥ ወንድሙ ወይ እህቱ ሳውዲ የሌለበት ልጅ ስንት ነው? ያን ጊዜ ማንም ምንም አላለም።

ግብዣው የሠርግ ነው። አንድ የዲኮር ሠራተኛ ሥራውን ለማስተዋወቅ የለጠፈው ቪዲዮ ውስጥ ያው መጋረጃ፣ ያው ጠረጴዛ አለ፤ ሙሽሮቹ ብቻ ተቆርጠዋል። መኪኖቹን ግን የትም አላገኘናቸውም። አንድ ልጅ ስክሪንሾቱን ለሾፌር አባቱ ላከለት። አባትየው ወዲያው "ሐረጎ መውረጃ ነች" አለ፤ መታጠፊያዋን ያውቃታል። ሐረጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ነው። እና ኮምቦልቻ የት ነው? እዚሁ ወሎ! ክበቡ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ተሳቀ።

እዚህ ላይ ግን ቀበቶ ማጥበቅ ያስፈልጋል። መኪኖቹ ከኮምቦልቻ ወዴት እንደሄዱ አናውቅም። ምን እንደጫኑም አናውቅም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ "ሐሰት" አልጻፍንም። "ቦታው ታውቋል፤ ጭነቱና መድረሻው አልታወቀም" ብለን ጻፍን። ልጆች ይህን አይወዱም፤ እውነት ወይ ሐሰት ብለህ ክበብልን ይላሉ። የፈተና ልማድ ነው።

ዘዴው የማይሠራበትም ጊዜ ብዙ ነው። ቪዲዮውን ግራና ቀኝ ከገለበጡት፣ ፊቱን ካጠጉት፣ ፍለጋው ይስታል። በጭራሽ ተለጥፎ የማያውቅ ሥዕል ከሆነም ምንም አይመጣም፤ አለመምጣቱ ደግሞ አዲስ ነው ማለት አይደለም። ቴሌግራም ላይ Forwarded from የሚል ካለ ነክተህ ወደ መጀመሪያው ቻናል ትሄዳለህ፤ ቀኑን ታያለህ። አንድ ሰው አውርዶ እንደገና ከጫነው ግን ዱካው እዚያው ይቆረጣል። ይህን የተማርኩት በራሴ ውርደት ነው። በ2008ቱ ድርቅ አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር፤ ብርድ ልብስ የለበሰች እናት ልጇን አቅፋ። "ዘንድሮ፣ ሰሜን ወሎ" ብዬ ጻፍኩበት። ሰው ተቀባበለው። በሦስተኛው ቀን ውጭ አገር ያለ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። "ቲቸር፣ ይሄ የ77ቱ ቆረም ነው።" አጠፋሁት። ሌሎች ገጾች ላይ ግን ከነጽሑፌ ቀረ። የታሪክ አስተማሪ ነኝ ብያለሁ አይደል?

ወደ ክበቡ ልመለስ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ያቺው ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ግን ጤፍ እኮ ተወዷል።"

እውነቷን ነው። ከቪዲዮው ሥር ያለው ብሶት ውሸት አይደለም፤ የቀረበበት ማስረጃ ነው የተሰፋው። ብዙ አራሚ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። "ቪዲዮው ሐሰት ነው" ብለህ ሚኒ ሚዲያ ላይ ብታነብ ሰሚው የሚሰማው "ዋጋ አልጨመረም" የሚለውን ነው። ትላንት ገበያ ውላ የመጣች እናት እንዴት ታምንሃለች? ቀጥላ አንተን ትታ ቪዲዮውን ታምናለች። ስለዚህ ዜናውን ሦስት ጊዜ ጽፈን ቀደድነው። በመጨረሻ የተነበበው "የጤፍ ዋጋ መጨመሩን በገበያ ጠይቀን አረጋግጠናል። ሰሞኑን የሚዘዋወረው ቪዲዮ ግን የዋጋውን ምክንያት አያሳይም፤ እናቲቱ የሚያለቅሱት ስለ ልጃቸው ነው" ይላል። ልጆቹ ሰኞ ገበያ ወርደው ሦስት ነጋዴ ጠይቀው ነበር። ሦስቱም መወደዱን አመኑ። ምክንያቱን ግን አንዱ ነዳጅ፣ አንዱ ደላላ፣ አንዱ ዝናብ አሉ። ሦስቱንም አቀረብናቸው፣ የማን እንደሆነ ለይተን። ለማዳመጥ ቪዲዮውን አያህልም። አዎ፣ ደብዛዛ ነው።

ከሳምንት በኋላ ልጅቷን መንገድ ላይ አገኘኋት። "ሁሉንም አውቄም ቢሆን እኮ፣ ቪዲዮውን ሳስታውሰው እናትየዋ የሚያለቅሱት አሁንም ስለ እህሉ ነው" አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አጎቴ ትዝ አሉኝ።

ያን ቅዳሜ በረንዳቸው ላይ ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ቶናው ላይ ደርሷል። ጋሼ፣ የዚያን ማታውን ፊልም እስቲ እንደገና ይንገሩኝ አልኳቸው። ደስ አላቸው። መርካቶ፣ ቡና ቤቱ፣ ግፊያው፣ ውሻው፣ ልጁ። መቼም ቃል አይስቱም። ከዚያ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው፤ ልጁ የተቀረጸው ወሎ ነው፣ ውሻው አዲስ አበባ፣ በመሐሉ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ፣ ቆርጠው ነው የቀጠሉት።

መርፌያቸውን ወደ ብርሃኑ አንስተው ክሩን አስገቡ። ብዙ ቆዩ።

"ታዲያ ልጁ የት ቆሞ ነበር፣ ጋሼ?" አልኳቸው።

"በሩ ላይ" አሉኝ። "ከቤተ መንግሥቱ በር፣ በግራ በኩል።"